ሁለት ሳምንት የዘገየ ሥራ ለስፖንሰሩ እንዴት ይነገራል?

«ፕሮጀክቱ በአጠቃላይ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ያጋጠሙት ጥቃቅን መዘግየቶችም በቅርቡ ይካካሳሉ።» ለአንድ ሥራ ገንዘብ ያወጣ ሰው እንዲህ የሚል ሪፖርት ሳይደርሰው አይቀርም። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ለአንባቢያቸው ምንም አልነገሩትም። ሥራው ስንት ቀን እንደዘገየ፣ ለምን እንደዘገየና መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። እሱ ምን ማድረግ እንዳለበትም አልተጠየቀም። ሳምንታዊ ሪፖርት ለስፖንሰር የሚጻፈው ግን በዋናነት ለዚህ ለመጨረሻው ነገር ነው። ስፖንሰር ስንል ገንዘቡን የመደበውንና ስለ ሥራው የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠውን አካል ማለታችን ነው። ይህ አካል በወቅቱ ካልተነገረው በወቅቱ ሊወስን አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በውጭ አገር የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው በትውልድ ቀያቸው አራት የመማሪያ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ሊያስገነቡ ተነሱ እንበል። ሕንፃው ፎቅ የለውም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማኅበሩ እዚህ አንድ የፕሮጀክት ኃላፊ ቀጥሯል፤ ተቋራጭና ተቆጣጣሪ መሐንዲስም አሉ። ሥራው ጥር 1 ቀን 2017 ተጀምሮ በ20 ሳምንት፣ ማለትም ግንቦት 20 ቀን ሊያልቅ ታቅዷል። የምረቃው በዓል እሑድ ግንቦት 24 ተይዞለታል፤ የማኅበሩ አባላትም የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ጀምረዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥራውን የሚያየው በየሳምንቱ ረቡዕ በሚላክለት አንድ ገጽ ሪፖርት ብቻ ነው።

የአሥረኛው ሳምንት ሪፖርት የሚላከው መጋቢት 10 ቀን ነው። በዕቅዱ መሠረት በዚያ ቀን የአራቱም ክፍሎች ግድግዳ አልቆ በግድግዳው አናት ላይ የሚዞረው የአርማታ ቢም ሥራ አንድ ሳምንት ሊሞላው ይገባ ነበር። በሥፍራው ያለው እውነታ ግን ሌላ ነው። ገና የአንድ ሳምንት የግድግዳ ሥራ ይቀራል። በሌላ አነጋገር፣ በአሥረኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራው የደረሰው በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ ነው። በዚሁ ከቀጠለ የሚያልቀው ሰኔ 4 ይሆናል።

መዘግየቱ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት የጠፋው ገና በጥር ነበር። መሠረቱ ሲቆፈር በአንደኛው ማዕዘን የሸክላነት ባሕርይ ያለው ጥቁር አፈር ተገኘ። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውንም ግድግዳ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ጠለቅ ተደርጎ እንዲቆፈርና በተመረጠ አፈር እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ አዘዘ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ ሰባት ቀን ግን ወሰደ። ሁለተኛው ሳምንት የጠፋው በየካቲት ሲሆን ምክንያቱ የተቋራጩ ነው። ሲሚንቶው ሊያልቅ ሲል ዘግይቶ አዘዘ፤ ጭነቱም በጊዜው አልደረሰም፤ ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ሊቀ መንበሩ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጥሩ ሳምንት በጥር ለምን አልተነገረኝም? ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው። ኃላፊው «በግድግዳው ሥራ እናካክሰዋለን» ብሎ ተስፋ አድርጓል፤ በሪፖርቱም ላይ ምልክቱን አረንጓዴ አድርጎ ተወው። በብዙ ድርጅቶች የፕሮጀክት ሁኔታ እንደ ትራፊክ መብራት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይገለጻል። የሙያው ሰዎች ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ቀይ የሆነውን ሪፖርት «ሐብሐብ» የሚሉት ለዚህ ነው። የአንድ ሳምንት መዘግየት በጥር ቢነገር ኖሮ ለማካካስ አሥራ ሰባት ሳምንት ነበረ። በመጋቢት ሁለት ሳምንት ሆኖ ሲነገር የቀረው አሥር ሳምንት ነው። ችግሩ በእጥፍ ሲያድግ ማስተካከያው ጊዜ ወደ ግማሽ ወርዷል።

ሌላው አሳሳች ነገር መቶኛ ነው። በዚሁ ምሳሌ በአሥረኛው ሳምንት «የፋይናንስ አፈጻጸም 54 በመቶ፣ ዕቅድ 55 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ተቋራጩ ዋጋ ሳይጨምርበት ብሎ የጣሪያውን ብረትና ቆርቆሮ ቀድሞ ገዝቶ መጋዘን አስገብቷል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ስለዚህ መቶኛው ከፍ ብሏል። ቆርቆሮ መጋዘን ስለገባ ግን ግድግዳው አንድ ረድፍ አላደገም። የወጣው ገንዘብና የተሠራው ሥራ አንድ ናቸው ብሎ የሚያነብ ስፖንሰር የሁለት ሳምንት መዘግየትን የአንድ በመቶ ጉድለት አድርጎ ያያል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት መቶኛ ሳይሆን ቀን ነው። በዕቅዱ መቼ ሊያልቅ ነበር፣ ዛሬ ባለው ፍጥነት መቼ ያልቃል፣ በማካካሻው ዕቅድ ደግሞ መቼ ያልቃል። እነዚህን ሦስት ቀኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሪፖርት ለመደበቂያ ቦታ የለውም።

ወደ ማካካሻው እንሂድ፤ የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ነው። ብዙዎች የዘገየ ሥራ ሲገጥማቸው የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ሰው ጨምሩ» የሚል ነው። የትኛው ሥራ ላይ? በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። አጥር ይታጠራል፣ መጸዳጃ ቤት ይቆፈራል፣ ዴስክ ይሠራል። የመጨረሻውን ቀን የሚወስነው ግን አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ረጅሙ ሰንሰለት ነው። ግድግዳ ሳያልቅ ቢሙ አይሞላም፤ ቢሙ ሳይጠነክር ጣሪያ አይጫንም፤ ጣሪያ ሳይኖር የውስጥ ልስን በእርጋታ አይሠራም፤ ከልስን በፊት ቀለም የለም። ይህን ሰንሰለት በስሌት የማውጣት ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ በዱፖንት ባለሙያዎች የተጀመረ ሲሆን ወሳኝ መስመር ይባላል። ከዚህ መስመር ውጭ ባለ ሥራ ላይ አሥር ሰው ቢጨመር አጥሩ ቶሎ ያልቃል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ያው ሰኔ 4 ነው።

በወሳኙ መስመር ላይም ቢሆን የማይነካ ነገር አለ። በእኛ ምሳሌ እሱ ቢሙ ነው። ለቢሙ የተመደበለት ሁለት ሳምንት ነው፤ ፎርምወርክ ይመታል፣ ብረት ይታሰራል፣ አርማታ ይሞላል፣ ከዚያ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል። የተለመደ ሲሚንቶ ያለበት አርማታ በሰባት ቀን የሚደርሰው በ28 ቀን ከሚኖረው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ በገበያችን ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያም ቀስ ይላል። ውሃ ማጠጣቱን ከሰባት ወደ ሦስት ቀን ቢያወርዱት ወረቀቱ ላይ አራት ቀን ይተርፋል፤ ቢሙ ግን ሊኖረው የሚገባውን ጥንካሬ ሳያገኝ ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚታየው ርክክቡ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ስፖንሰር በማካካሻ ዕቅድ ላይ «የአርማታ ማጠንከሪያ ጊዜን በማሳጠር» የሚል ሐረግ ካየ ሪፖርቱን ወደ ጎን አድርጎ ቀጥታ ወደ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ መደወል አለበት።

ታዲያ ቀን ከየት ይገኛል? የመጀመሪያው ከግድግዳው ነው። የቀረው የሰባት ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛ የግንበኞች ቡድን ከመጋቢት 14 ጀምሮ ቢገባ ግድግዳው በ17 ሳይሆን በ15 ያልቃል። ሁለት ቀን ተገኘ። ከዚህ የበለጠ አይገኝም፤ ምክንያቱም የቀሩት ግድግዳዎች ጥቂት ናቸው፤ የሰው ብዛት ከቦታው ሲያልፍ መወጣጫው ላይ መጠባበቅ ይጀመራል። ፍሬድ ብሩክስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ሲል ጽፏል። ግንበኛ እንደ ፕሮግራም ጸሐፊ ለወራት ሥራውን ማጥናት አያስፈልገውም፤ ቢሆንም ቡድኑ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ሥራው የውሃ ልክና ቱምቢ በማስያዝ ያልፋል።

ሁለተኛውና ትልቁ ትርፍ ከጣሪያው ነው። ለጣሪያው ሦስት ሳምንት የተያዘው ብረቱን መቁረጥ፣ መበየድና መስቀል አንዱ ከሌላው ተከትሎ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። ቢሙ ውሃ በሚጠጣባቸው ቀናት በያጆቹ መሬት ላይ የጣሪያውን ብረት በይደው ቢጨርሱ፣ ቢሙ ሲደርስ የሚቀረው መስቀልና ቆርቆሮ ማልበስ ብቻ ይሆናል። 21 ቀን የነበረው ወደ 16 ይወርዳል፤ አምስት ቀን ተገኘ። አደጋም አለው። በሥዕሉ ላይ ያለው ስፋትና በመሬት ላይ የተሠራው ግድግዳ ስፋት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ብረቱ በሥዕሉ ልክ ተበይዶ ቢሙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢለይ እንደገና መቁረጥና መበየድ ይመጣል፤ የተገኘው አምስት ቀንም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «መበየድ የሚጀመረው የቢሙ ፎርምወርክ ከተመታ በኋላ መሐንዲሱ ልኩን በቦታው ሲወስድ ነው» የሚል አንድ መስመር መጨመር አለበት። የማካካሻ ዕቅድ በእርግጥ ታስቦበት ስለመጻፉ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት መስመር ነው።

ሦስተኛው ትርፍ ሥራን ከመደራረብ ነው። አራቱም ክፍሎች ቆርቆሮ እስኪለብሱ መጠበቅ አያስፈልግም። የሁለቱ ክፍሎች ጣሪያ ሲያልቅ ለሳሾች እዚያ ይገባሉ፤ ጣሪያ ሠሪዎቹ በሌላው ጫፍ ይቀጥላሉ። አራት ቀን ይተርፋል። እንዲህ ሲደመር አሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ሰኔ 4 ወደ ግንቦት 23 ተመለሰ።

ብዙ ሪፖርት ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይቆሙና «ግንቦት 23 እናስረክባለን» ብለው ይፈርማሉ። ይህ ሁለተኛውን መዘግየት መፈረም ነው። በዚህ ስሌት ልስኑ የሚጀመረው መቼ እንደሆነ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቢታይ ሚያዝያ 12 ላይ ይወድቃል። በ2017 ሚያዝያ 12 ፋሲካ ነው። ከስቅለት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ ለሳሽም በያጅም አይገኝም፤ ወደ ገጠር የሄደው ሠራተኛ ደግሞ በማግስቱ አይመለስም። በመጀመሪያው ዕቅድ በዓሉን ሲያስቡት ጣሪያው ካለቀ በኋላ ነበር፤ አሁን ግን የሥራው መዘግየት የመጨረሻዎቹን የቆርቆሮ ቀናት ገፍቶ ከፋሲካ ጋር አጋጨው። ስለዚህ ለኃላፊው የሚበጀው ግንቦት 23ን የውስጥ ግብ አድርጎ፣ ለስፖንሰሩ ቃል የሚገባበትን ቀን አምስት የመጠባበቂያ ቀን ጨምሮ ግንቦት 28 ማድረግ ነው። ከመጀመሪያው ዕቅድ በስምንት ቀን ይዘገያል ማለት ነው። ሁለቱን ሳምንት በሙሉ እመልሳለሁ ከሚል ቃል ይህ ይሻላል፤ ሊጠበቅ የሚችል ነውና።

እንግዲህ ረቡዕ መጋቢት 10 የሚላከው ሪፖርት ይህን ይመስላል፦

«ሁኔታ፦ ቀይ። ሥራው ከዕቅዱ ሁለት ሳምንት ዘግይቷል። በዕቅዱ የርክክብ ቀን ግንቦት 20 ነበር፤ ምንም ካልተደረገ ሰኔ 4 ይሆናል፤ በማካካሻው ዕቅድ ግንቦት 28 እናስረክባለን።

ምክንያት፦ አንድ ሳምንት በመሠረቱ ላይ በተገኘው ጥቁር አፈር፣ ጥር ላይ፤ አንድ ሳምንት ተቋራጩ ሲሚንቶ አዘግይቶ በማዘዙ፣ የካቲት ላይ። የጥሩን መዘግየት በጊዜው በሪፖርት አላሳወቅንም።

የምናደርገው፦ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ሁለተኛ የግንበኞች ቡድን ይገባል። የጣሪያው ብረት ቢሙ ውሃ በሚጠጣበት ጊዜ መሬት ላይ ይበየዳል። ልስን በሁለቱ ክፍሎች ቀድሞ ይጀመራል። የቢሙ ማጠንከሪያ ጊዜ አይነካም።

ወጪ፦ 45,000 ብር ተጨማሪ፣ ለሁለተኛው ቡድን፣ ለመወጣጫ ኪራይና ለበያጆች የትርፍ ሰዓት። በሲሚንቶው ምክንያት የጠፋውን ለማካካስ የሚወጣውን ግማሽ ተቋራጩ ይሸፍናል። ከማኅበሩ የምንጠይቀው 22,500 ብር ነው።

ከእርስዎ የምንፈልገው ውሳኔ፦ አንደኛ፣ የ22,500 ብሩ ፈቃድ እስከ መጋቢት 13። ከዚያ ካለፈ ሁለተኛው ቡድን በቀኑ አይገባም፤ የሁለቱ ቀን ትርፍም ይቀራል። ሁለተኛ፣ ምረቃው ከግንቦት 24 ወደ እሑድ ሰኔ 1 እንዲዛወር፤ ቲኬት ያልቆረጡ አባላት ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዲነገራቸው።

የምንለካባቸው ቀኖች፦ መጋቢት 15 ግድግዳ ያልቃል። መጋቢት 29 ቢሙ ለጣሪያ ይደርሳል። ሚያዝያ 15 የመጨረሻው ቆርቆሮ ይመታል። ግንቦት 2 ልስን ያልቃል። ከእነዚህ ቀኖች አንዱ ቢያልፍ የበላውን የመጠባበቂያ ቀን በዚያው ሳምንት ሪፖርት እንገልጻለን፤ አምስቱ ካለቁ የርክክቡን ቀን ዳግም እናሳውቃለን።»

የወጪው ክፍፍል ለምን እንዲህ እንደሆነ ልብ ይባል። ጥቁር አፈሩ ማንም ያልገመተው ነው፤ በግንባታ ውል እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ወጪውም ብዙውን ጊዜ ወደ አሠሪው ይሄዳል። ሲሚንቶ ማዘዝ ግን የተቋራጩ ሥራ ነው። ሁለቱን ምክንያቶች «በአቅርቦትና በአፈር ችግር» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል ማን መክፈል እንዳለበት ይሸፍናል። ምክንያትን ለያይቶ መጻፍ ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል እንዲሆን ነው።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሪፖርቱ እየቀለለ ይሄዳል። እነዚያኑ አራት ቀኖች ይዞ የትኛው ተሟላ፣ ከአምስቱ የመጠባበቂያ ቀናት ስንቱ ቀረ ብሎ ማሳወቅ በቂ ነው። ሊቀ መንበሩ በሚያዝያ አጋማሽ ማየት ያለበት አንድ ቁጥር ቢኖር ያ ነው። ፋሲካ ሁለቱን ወይም ሦስቱን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይታወቃል። ከበዓሉ በኋላ ሁለት ቀን ቀርቶ ጣሪያው ካለቀ ግንቦት 28 ይደርሳል። ሚያዝያ 15 ጣሪያው ሳያልቅ መጠባበቂያውም ካለቀ ግን የርክክቡ ቀን ወደ ሰኔ ገብቷል፤ ክረምቱም ደርሷል። ያን ጊዜ የቀለሙን ሥራ የሚወስነው የሠራተኛ ብዛት ሳይሆን ዝናብ ነው፤ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላላጣል።

በመጨረሻ ለገንዘብ አቅራቢዎች አንድ ነገር ልበል፤ በተለይ ከሩቅ ሆነው በትውልድ ቀያቸው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ ጉድጓድ ለሚያስገነቡ ማኅበራት። ቀይ የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ ስብሰባ ጠርታችሁ «ለምን ዘገየ» በሚል ክርክር ሳምንት አትጨርሱ። ምክንያቱ ተጽፏል፤ በኋላ መጠየቅ ይቻላል። መጋቢት 13 የተባለው ውሳኔ ግን በ14ኛው ቀን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ መልስ ስጡ፣ ከዚያ ጠይቁ።